ከቀብድ በፊት የጓሮዋ ጎረቤት

«አባ ዙሪያ» የሚለውን ስም ያወጡላቸው ተማሪዎቻቸው ናቸው። መኪና መንዳት ያስተምሩ ነበር። ለትምህርት የመጣ ሰው ሁሉ፣ ወጣትም ይሁን ጎልማሳ፣ መሪውን ከመጨበጡ በፊት መኪናዋን በእግሩ መዞር ነበረበት። ከፊት ይጀምራል፣ በግራ ያልፋል፣ ከኋላ ጎንበስ ብሎ ያያል፣ በቀኝ ይመለሳል። ጎማ ሥር ድመት ተኝታ እንደሆን፣ ዘይት ጠብ ጠብ ብሎ እንደሆን፣ ከኋላ አንዱ ዕቃውን አስቀምጦ ሄዶ እንደሆን፣ ይህን ሁሉ ሳያይ ሞተር ያስነሳ ተማሪ የዚያን ቀን ትምህርቱ እዚያው ላይ ያበቃል።

ተማሪዎቹ ያጉረመርሙ ነበር። «ጋሼ፣ ትናንትም እኮ ዞርናት» ይሏቸዋል። እሳቸውም ረጋ ባለው ድምፃቸው፣ ትናንት ያደረችው መኪናና ዛሬ የምትነሳው መኪና አንድ መሆናቸውን በምን እንዳወቁ ይጠይቋቸዋል። እሳቸው ደግሞ አንድ ነገር በሚገባ አስተውለዋል። ተማሪ ሁሉ ፊት ለፊቱን አጥብቆ ያያል፤ ጎንና ጎኑን ያያል፤ ኋላው ጋ ሲደርስ ግን ይደክመውና አንገቱን ብቻ ሰገግ አድርጎ ያልፋል። ስለዚህ ከሁሉ አጥብቀው የሚቆጣጠሩት እዚያች ላይ ነበር።

ያን ዓመት የተከራዩት ቤት ባለቤት መጥቶ፣ በትሕትና አንገቱን ደፍቶ፣ ልጁ ሊያገባ ስለሆነ ቤቱ ለሙሽሮቹ እንደሚፈለግ ነገራቸው። ክፉ ሰው አልነበረም። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ቢለቁለት ደስ እንደሚለው ብቻ ተናገረ። ሚስታቸው የዚያን ዕለት ምሳ አልበሉም። ከቤት ወደ ቤት መዞር ሰልችቷቸው ነበር፤ በየሄዱበት መጋረጃ ማሳጠር፣ በየሄዱበት ቁምሳጥን በር አልገባ እያለ እግሩ መቆረጥ። «አሁንስ እግር የቀረው አይመስለኝም» አሉ ቁምሳጥኑን እያዩ። ከዚያም የሚያስቡትን አወጡ። ባንክ ያለችው የዕድሜ ልክ ጥሪታቸው ለአንዲት አነስተኛ ቤት ትበቃ ይሆናል፤ ካልገዙ አሁን አይገዙም።

አባ ዙሪያም ተስማሙ። ነገር ግን ያቺ ጥሪት አንድ ጊዜ ከእጅ ከወጣች ሁለተኛ እንደማትሰበሰብ ያውቃሉ። ጡረታ ሊወጡ የቀራቸው ጥቂት ነው። ቀብዷ እንኳ ብትበላ ቤት የሚባል ነገር ለእነሱ እዚያው ላይ ያከትማል።

ደላላ ተፈለገ፤ ተገኘም። የሰፈሩ ሰው «ቶሎ ቶሎ» ይለዋል። ሲናገር ቃላቱ እርስ በርሳቸው ይገፋፋሉ፤ ሲራመድ ጃኬቱ ከኋላው ይከተለዋል። እሱም በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ቤት አሳያቸው። ሁለት ክፍል፣ ከጎኑ ሰርቪስ፣ ሰማያዊ የብረት በር፣ አንድ ፀጉር አስተካካይ የሚከራያት መንገድ ዳር ያለች ሱቅ። ሚስታቸው የወደዱት የወጥ ቤቱን መስኮት ነው። ጠዋት ፀሐይ በቀጥታ ይገባበታል። እጃቸውን መስኮቱ ደፍ ላይ አሳርፈው ሲቀሩ፣ አባ ዙሪያ ነገሩ እንዳለቀ ገባቸው።

ሻጩ ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ፣ ጨዋ ወጣት ነበር። ዋጋው ብዙ አላከራከረም። ደላላው ቶሎ ቶሎ ባልና ሚስቱን በየጎኑ አቅፎ፣ ነገ አንድ ነጋዴ ሙሉውን ይዞ እንደሚመጣ፣ ዛሬ ቀብድ ካልተሰጠ ቤቱ ከእጃቸው እንደሚበር፣ እሱ ግን ለእነሱ ሆዱ ስለራራ እስከ ማታ እንደሚጠብቅ ነገራቸው።

«ስጥ እንግዲህ» አሉ ሚስታቸው። «ምን ትጠብቃለህ?»

«መጀመሪያ እንዙራት።»

«ቤት እኮ ነው የምንገዛው አንተ ሰውዬ፤ ወዴት ልትነዳው ነው?»

ደላላው እስኪያስለው ሳቀ። አባ ዙሪያም ሳቁ። ከዚያ ግን መነጽራቸውን አወጡና ለወጣቱ ካርታውን እንዲያሳያቸው ጠየቁት። ፎቶ ኮፒ አቀረበላቸው። ዋናው ካርታ የት እንዳለ ሲጠይቁት ቤት ነው አለ። «ይምጣ፤ እኛ አንቸኩልም» አሉት።

በማግስቱ ዋናው መጣ። አባ ዙሪያ የቦታውን ስፋት አዩ፤ የቤት ቁጥሩን ከበሩ ቁጥር ጋር አመሳከሩ፤ በመጨረሻ ስሙ ላይ ደረሱና ጣታቸውን አሳረፉበት። የሴት ስም ነበር። «ልጄ፣ ይህች አንተ አይደለህማ» አሉት።

ወጣቱ አልደነገጠም። ቤቱ የአክስቱ ነው፤ አክስቱ ሩቅ ከተማ ከሴት ልጆቿ ጋር ትኖራለች፤ እሱ ወኪሏ ነው። ውክልናውን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋላቸው። አባ ዙሪያ ውክልናን እንደ ጋዜጣ ገረፍ አድርገው የሚያልፉ ሰው አልነበሩም። ቤት እንዲጠብቅ፣ ኪራይ እንዲሰበስብ፣ ግብር እንዲከፍል የተሰጠ ውክልና ቤት ለመሸጥ እንደማይበቃ ከአንድ ጠበቃ ተማሪያቸው ሰምተዋል። ከላይ ወደታች እያነበቡ «መሸጥ» የሚለውን ቃል ፈለጉ። አገኙት። ቤቱን ለመሸጥና ስም ለማዛወር ሥልጣን ሰጥታዋለች። ወረቀቱን አጥፈው ሲመልሱ ሚስታቸው በዓይናቸው «እሺ?» አሏቸው። እሳቸው ግን የማኅተሙን ቁጥርና ቀን በእስክሪብቶ መዳፋቸው ላይ እየጻፉ ነበር።

ወደ ውልና ማስረጃ ሄዱ፤ ወጣቱንም ይዘውት ሄዱ። ወረፋው ረጅም ነበር። ወጣቱ በመሰላቸት ፈንታ ለአባ ዙሪያ ወንበር ፈልጎ አመጣላቸው፤ ይህም በልባቸው ተመዘገበለት። የመስኮቷ ሠራተኛ መዝገቡን አይታ፣ ውክልናው እዚያው ቢሮ የተሰጠ እውነተኛ መሆኑንና እስከዚያ ቀን ድረስ የሻረው እንደሌለ ነገረቻቸው። ከዚያ የመሬት ይዞታ ጽሕፈት ቤት። በዚያም ወጣቱ እንደ ወኪል በጽሑፍ ጠይቆ ፋይሉ ተከፈተ። ካርታው ከፋይሉ ጋር አንድ ነው። ባንክ አላስያዘችውም። ፍርድ ቤት አላገደውም። ግብሩ ተከፍሏል። ቤቱን የገዛችው ባሏ ከሞተ በኋላ ስለሆነ የባል ድርሻ የሚባል ጥያቄም የለበትም። ይህ ሁሉ በደብዳቤ ተጽፎ ማኅተም አረፈበት።

ደላላው ቶሎ ቶሎ በየቀኑ ይመጣ ነበር። አንድ ቀን በር ላይ ቆሞ፣ «ጋሼ፣ ሚስትም ሲያገቡ እንዲህ ነው ያጣሩት?» ሲላቸው፣ ሚስታቸው ከውስጥ ቀደሟቸው። «እኔን ቢያጣሩ ኖሮ አያገቡኝም ነበር» አሉት። ቀልዱ ቀልድ ነው፤ ነገር ግን የሚስታቸው ትዕግሥት ማለቁን አባ ዙሪያ ከድምፃቸው ለዩ። ክረምቱ እየቀረበ ነው። የአከራያቸው ሙሽሮች ቀለም ለመቀባት ግድግዳ ማየት ጀምረዋል።

እሳቸው ግን ሥራቸውን ቀጠሉ። ሜትር ይዘው ሄደው አጥሩን ከፕላኑ ጋር አስተያዩ። ፀጉር አስተካካዩ ጋ ገብተው ፂማቸውን እየተላጩ ስለ ኪራዩ ጠየቁት። ኪራዩን ለወጣቱ እንደሚከፍል፣ ሰው ቢገዛው የኪራይ ውሉ እስኪያልቅ መቆየት እንደሚፈልግ ነገራቸው። የግራውን ጎረቤት ጠየቁ፤ በቅርብ የመጣ ነው፤ ቤቱን የሚያስተዳድረው ወጣቱ መሆኑን እንጂ ሌላ አያውቅም። የቀኙም እንደዚያው። ፊት ለፊት ያለው ዕቃ መሸጫ ባለቤት፣ በዚያ ቤት ክርክር ሰምቶ እንደማያውቅ መሰከረ።

አንዲት ነገር ቀረች። አባ ዙሪያ የቤቱን ባለቤት ድምፅ መስማት ፈለጉ። «ልሽጥ ብላ የፈረመች ሴት፣ እሸጣለሁ ብላ አንድ ጊዜ በስልክ ብትነግረኝ ይበቃኛል» አሉት ወጣቱን። የዚያን ጊዜ ወጣቱ ለመጀመሪያ ጊዜ መሬት መሬት አየ። አክስቱ ጆሮዋ እንደደከመ፣ ስልክ እንደማትሰማ ተናገረ። እንግዲያው ልጆቿ ከጎኗ ሆነው ይንገሯት ቢሉት፣ ልጆቿ ሥራ ይበዛባቸዋል አለ። አነጋገሩ ጨዋ ነው፤ ሸሚዙም እንደወትሮው እስከ አንገቱ ተቆልፏል።

ማታ ሚስታቸው ፊት ለፊት ተቀምጠው እቅጩን ነገሯቸው። መሥሪያ ቤቱ መስክሯል፣ መዝገቡ መስክሯል፣ ጎረቤት መስክሯል። የሰው ጆሮ ደከመ ተብሎ ቤት አይቀርም። ነገ ቀብድ ይከፈል። አባ ዙሪያ እስኪጨርሱ ሰሟቸው። ከዚያ፣ ፊቱንም ጎኑንም ማየታቸውን፣ ኋላውን ግን እንዳላዩ ተናገሩ።

«ከኋላው ምን አለ? አጥር ነው እኮ።»

«ከአጥሩስ ወዲያ?»

በማግስቱ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ሄዱ። ወደ ሰማያዊው በር ሳይሆን መንደሩን በሌላ በኩል ዞረው፣ በጠባቧ መንገድ ገብተው፣ ጀርባው ከዚያ ቤት ጀርባ ጋር የሚገጥመውን ግቢ ፈለጉ። በሩን የከፈቱላቸው ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነበሩ። እጃቸው ሳሙና ነበረበትና ክንዳቸውን ዘርግተው ሰላም አሏቸው። አባ ዙሪያ ማንነታቸውንና የመጡበትን ተናገሩ፤ ከኋላ ያለውን ቤት ሊገዙ አስበው ሰፈሩን እየጠየቁ እንደሆነ።

አዋላጇ ፊታቸው በራ፤ ወዲያው ደግሞ ጠቆረ። ከቤቱ ባለቤት ጋር አብረው ያረጁ ነበሩ። አጥሩ ላይ አንድ ቆርቆሮ ሆን ብለው አላልተውት፣ ጨውም ሆነ ወሬ በዚያ ይቀባበሉ ነበር። ልጆቿ ካልወሰድንሽ ብለው ወደዚያ ከተማ እስክትሄድ ድረስ አንድ ቀን ሳይነጋገሩ አልዋሉም።

«አሁን ጤናዋ እንዴት ነው?» አሉ አባ ዙሪያ።

አዋላጇ እጃቸውን በመቀነታቸው ጫፍ እየጠረጉ ለአፍታ አዩዋቸው።

«አልነገሩዎትም እንዴ ወንድሜ? አረፈች እኮ። እኔ ራሴ አውቶቡስ ተሳፍሬ ቀብሯ ላይ ደርሻለሁ። ሰው ሁሉ እዚያ ነበር። ያ የወንድሟ ልጅማ ከሁላችን ይልቅ እሱ ነው ያለቀሰው።»

ጊዜውን ጠየቋቸው። ካለፈው የፆም ወቅት በፊት ነው አሏቸው። አባ ዙሪያ ከደብዳቤው ቀን ጋር በልባቸው አገጣጠሙት። ውልና ማስረጃ መዝገቡን ያየው፣ የመሬት ጽሕፈት ቤቱ ማኅተሙን የመታው፣ የቤቱ ባለቤት ከሞተች ከረጅም ጊዜ በኋላ ነው። ሠራተኞቹ አልዋሹም። ውክልናውን የሻረ ሰው አልመጣማ። ሞቷን አስታውቆ መዝገብ ላይ ያሰፈረ ማንም የለም። የሞተ ሰው ውክልና ደግሞ ማንም ሳይሽረው ከሰጪው ጋር ያበቃል።

ወጣቱን አላሳፈሩትም፤ በደላላው ፊትም ነገሩን አላነሱበትም። ማስተማሪያዋን መኪና ይዘው ሄደው ከጎናቸው አስቀመጡትና ባዶው መለማመጃ ሜዳ ላይ ወስደው አቆሟት። ሞተሩን አጠፉ። የጓሮዋን ጎረቤት እንዳነጋገሩ ነገሩት፤ ሌላ አልጨመሩም።

ወጣቱ የሸሚዙን የላይኛውን ቁልፍ ፈታ። አክስቱ እንደ እናት ነው ያሳደገችው። ቤቱን ሽጠህ ለልጆቼ አካፍል፣ አንተም ድርሻህን ውሰድ ያለችው በገዛ አፏ ነው። ውክልናውን የሰጠችውም ለዚሁ ነው። ቃሏ ከሞተች በኋላ ይሠራል ብሎ አመነ፤ ፊርማዋ አለ፣ ማኅተሙ አለ። ሁለቱ ልጆቿ ግን ከቀብሩ ወዲህ አይነጋገሩም፤ ፍርድ ቤት ቢገቡ ዓመታት ይፈጃል ብሎ ፈራ። ሸጦ ለሁለቱም እኩል ሊሰጣቸው ነበር። ጆሮዋ ደከመ ያለው ውሸት እንደሆነ ራሱ ተናገረ፤ የሚናገረውም ወደ መስኮቱ ዞሮ ነበር።

«እውነቴን ነው የምልዎት ጋሼ፣ ለራሴ አንዲት ሳንቲም ደብቄ ልወስድ አላሰብኩም። ዝም ብለን ብንጨርሰው ማን ይጎዳል?»

«ማመኑን አምንሃለሁ» አሉ አባ ዙሪያ። «ግን ልጄ፣ ያ ወረቀት ለአንተ የተሰጠው እሷን ሆነህ እንድትቆም ነው። አሁን የምትቆምላት ሰው የለችም። የምትሸጥልኝ ቤት ነገ የእነዚያ ልጆች ነው። አንደኛዋ ስትከስ አንተ ትታሰራለህ፤ እኔ ደግሞ በስተርጅና ሻንጣ ይዤ መንገድ ላይ እወጣለሁ።»

ወጣቱ አንገቱን ደፋ። አባ ዙሪያ ክፉ ቃል አልጨመሩበትም። መንገዱን ግን ሳያለሳልሱ አሳዩት። ልጆቹ ከፍርድ ቤት ወራሽነታቸውን ያረጋግጡ፤ ካርታው በስማቸው ይዙር፤ ሁለቱም ቀርበው ይፈርሙ፤ እሱም ድርሻ አለኝ የሚል ከሆነ እዚያው ፊት ለፊት ይናገር። እስከዚያ ድረስ ቀብድ የሚባል ነገር የለም። ሌላ ገዢ ከመጣ ደግሞ ይህንኑ ነግሮ ይመልሰው። «ቤቱን እፈልገዋለሁ» አሉት በመጨረሻ፤ «የምፈልገው ግን ከባለቤቶቹ ነው።»

ሚስታቸው ነገሩን ሲሰሙ መጀመሪያ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ቀጥለው ተቆጡ፤ በወጣቱ፣ በደላላው፣ በክረምቱ። ከዚያ ደግሞ ያቺን የጠዋት ፀሐይ አስበው ሳይሆን አይቀርም፣ እንባቸው መጣ። ቀብዱን ከፍለው ቢሆን ኖሮ የት ይደርሱ እንደነበር ግን አንዳቸውም አልተናገሩም። ሁለቱም ያውቁታል። ደላላው ቶሎ ቶሎ ነገሩን የሰማ ዕለት ወሬ ሳያበዛ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብሎ ሲሄድ ታየ። ነጋዴ የተባለውም ሰው ከዚያ በኋላ ስሙ አልተነሳም።

ክረምቱን የሚስታቸው እህት ቤት አሳለፉት። ዕቃው በረንዳ ላይ በላስቲክ ተሸፍኖ ከረመ። እህትየዋ ደግ ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት ሬዲዮ ጮክ አድርገው ይከፍታሉ እንጂ። ሚስታቸው አንዳንድ ቀን፣ «የዚያ ልጅ ነገር ምን ደረሰ?» ይላሉ። አባ ዙሪያ ያለ ጥርጥር ይመጣል ይሏቸው ነበር። ለምን እንዲህ እርግጠኛ እንደሆኑ ሲጠየቁም፣ አንዴ እውነቱን የተናገረ ሰው የፍርድ ቤቱንም ወረፋ የሚቆም ሰው ነው ብለው ይመልሳሉ።

መጣም። ክረምቱ አልፎ መንገዱ ሲደርቅ፣ ወጣቱ ሁለት ሴቶችን አስከትሎ መጣ። ታላቂቱ ረጅም፣ ታናሺቱ ደልደል ያለች። ጎን ለጎን አይቆሙም ነበር፤ መሀላቸው ወጣቱን እንደ አጥር አቁመውታል። ፍርድ ቤቱ ወራሽነታቸውን አረጋግጦ፣ ካርታው በሁለቱ ስም ዞሯል። እናታቸው ለአጎታቸው ልጅ ድርሻ መተዋን ሁለቱም አምነው ለመስጠት ተስማምተዋል። አባ ዙሪያ እንኳን ደስ አላችሁ ብለው ተቀበሏቸውና፣ ለመሬት ጽሕፈት ቤቱ ቀጠሮ እንያዝ አሉ።

ታላቂቱ ገረማት። ከክረምቱ በፊት አጣርተውት እንደነበር ሰምታለች። «ያጣራሁት የእናታችሁን ነበር» አሏት። «የእናንተን ገና አላየሁም።» ሄዱ። ፋይሉ እንደገና ተከፈተ፤ አዲሱ ስም አለ፤ እዳ የለም፤ እገዳ የለም። ሁለቱም የጋብቻ ሁኔታቸውን የሚያሳይ ማስረጃ አመጡ። ከእናታቸው የወረሱት የግላቸው ቢሆንም፣ ታናሺቱ ባለትዳር ስለሆነች ባሏም መጥቶ ተቃውሞ እንደሌለው ፈረመ። ጎረቤቷ አዋላጅ ሁለቱን እህትማማቾች መንገድ ላይ ሲያገኟቸው፣ አንዷን በቀኝ አንዷን በግራ አቅፈው ረጅም ጊዜ ያዟቸው፤ ሲለቋቸው ሁለቱ ተቀራርበው ነበር። ምን እንዳሏቸው አባ ዙሪያ አልሰሙም።

በውሉ ቀን ሁሉም ውልና ማስረጃ ተሰበሰቡ። የሚከፈለው ገንዘብ በባንክ ማዘዣ ተዘጋጅቷል፤ ለእያንዳንዳቸው በየስማቸው። ማዘዣዎቹን የያዙት ሚስታቸው ናቸው፤ ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ነው የተቀመጡት። ሠራተኛው ውሉን አነበበ። እህትማማቾቹ ተራ በተራ ፈረሙ። አባ ዙሪያ ፈረሙ፤ ሚስታቸውም ፈረሙ። ከዚያ ሁሉም ዞሮ ቦርሳውን አየ።

ሚስታቸው አልከፈቱትም። ታናሺቱን ወደ ራሳቸው ጠሯት።

«መታወቂያሽን አንዴ አሳዪኝ ልጄ።»

«ከፈረምኩ በኋላ እትዬ?»

«አዎን፣ ከፈረምሽ በኋላ። ስምሽን ከዚህ ማዘዣ ጋር ላስተያየው ነው። ያንቺንም አምጪ» አሏት ታላቂቱን።

እህትማማቾቹ ተያዩና አብረው ሳቁ። ወጣቱም ሳቀ። አባ ዙሪያ ግን አልሳቁም፤ ሚስታቸው መነጽር አድርገው ፊደል በፊደል ሲያመሳክሩ፣ ቸኩለው እንዳያልፉ ጎንበስ ብለው አብረው ያነቡ ነበር።